በሦስት ይባዛ

ጌጃ ሰፈር ውስጥ ነጋዴ «ገበያ እንዴት ነው?» ተብሎ ሲጠየቅ መልሱ አንድ ነው። «ምን ገበያ አለ ብለህ ነው» ይላል። ደንበኛ በር ላይ ተሰልፎ፣ አንድ እጁ ሳሙና ሲያወርድ ሌላው መልስ ሲቆጥር፣ አፉ «ኧረ ገበያ የለም» ይላል። ይህን ውሸት ነው ብሎ የሚቆጥረው የለም። ትኩሳት ይዞት የተኛ ሰውም ሲጠይቁት «ደህና ነኝ» ይል የለ? እንደዚያ ያለ ነገር ነው።

ሸዋንግዛው ግን ይህን አይችልበትም። ሱቁ ከጌጃ ሰፈር ወደ ልደታ ኮንዶሚኒየም በሚያሳልፈው ጠባብ መንገድ ጫፍ ላይ ናት። ገበያ እንዴት ነው ሲሉት ቆም ብሎ ያስባል፣ ከዚያ የዋለበትን ይናገራል። «ዛሬ ደህና ነበር» ወይም «ከጠዋት ጀምሮ ሁለት ሰው ነው የመጣው» ይላል። ጠያቂው እንዲህ ዓይነት መልስ ስላልጠበቀ ግራ ገብቶት ይሄዳል።

ይህ አመሉ ብዙ አስከፍሎታል። የቀን ገቢ ግምት ሊሠሩ የግብር ባለሙያዎች ሰፈሩን ያዳረሱ ጊዜ፣ ነጋዴው ሁሉ ከሱቁ የሚበልጥ ለቅሶ ይዞ ጠበቃቸው። ሸዋንግዛው በቀን ምን ያህል እንደሚሸጥ ጠየቁት፤ ነገራቸው። አመስግነውት ወጡና ቀጥሎ ላለው ሱቅ፣ «እዚያ ጥግ ላይ ያለችው ሱቅ ይህን ያህል ከሸጠች የእርስዎ እንዴት ከዚያ ያንሳል?» አሉ። ከዚያም ለቀጣዩ፣ ከዚያም ለቀጣዩ። ከዚያ ቀን በኋላ ሰፈሩ ለሸዋንግዛው ሰላምታ አልነፈገውም፤ ግን ነጋዴዎች ሰብሰብ ብለው ሲያወሩ እሱ ሲደርስ ወሬው ወደ አየሩ ሁኔታ ይዞራል። ዓመታት አለፉ፤ ስለ አየሩ ሁኔታ ከእሱ የበለጠ የሰማ ሰው በሰፈሩ የለም።

ዘንድሮ ችግሩ ሌላ ነው። ኮንዶሚኒየሙ ሥር አንድ ሰፊ ሚኒ ማርኬት ተከፈተ። ባለ አምስት ሊትሩን ዘይት የሚሸጠው ሸዋንግዛው መርካቶ ሄዶ ከጅምላ ነጋዴ በሚገዛበት ዋጋ ነው። የድሮ ደንበኞቹ ዘይታቸውን አንጠልጥለው በበሩ ሲያልፉ አንገታቸውን ወደ ሌላ ጎን ያዞራሉ። እሱም እንዳያፍሩ ብሎ መደርደሪያውን የሚያጸዳ ይመስላል። መደርደሪያው በሰፈሩ ተወዳዳሪ የሌለው ንጹሕ ሆነ።

ሚስቱ ወለተሰንበት ነገር ማንዛዛት አትወድም። የሞባይል ከቨር የሚሸጥ አንድ ወጣት ሱቋን ልከራይ ብሎ ጠይቋል፤ የሚሰጠው ኪራይም ሱቋ ከምታስገባው ይበልጣል። «እስከ ፋሲካ ሞክር» አለችው። «ከፋሲካ በኋላ ቁልፉን ለልጁ እሰጣለሁ።» ሸዋንግዛው ሃያ ዓመት የቆመባት ሱቅ ናት። ጠዋት ተነስቶ የሚሄድበት ሌላ ቦታ አያውቅም።

አንድ ቀን ከሚኒ ማርኬቱ በር ላይ ዘይት የሚያራግፈውን የአይሱዙ ሹፌር ጠጋ ብሎ ከየት እንደሚያመጡት ጠየቀው። ሹፌሩ የፋብሪካውን ማከፋፈያ ነገረው፤ ቃሊቲ ነው። በማግስቱ ሱቁን ለሚስቱ ትቶ ቃሊቲ ወረደ። የሽያጭ ሠራተኛው ዮፍታሔ የሚባል ጨዋ ወጣት ነው፤ ወንበር ስቦ አስቀመጠው። በፋብሪካ ዋጋ የሚሸጡት ለማንም ነው፤ ግን አይሱዙ ሳይሞላ ከግቢ አይወጣም። አንድ ጭነት ማለት ሁለት መቶ ካርቶን ነው። ክፍያው ቀድሞ በባንክ ይገባል፣ ደረሰኝ ያለ ንግድ ፈቃድና ያለ ግብር ከፋይ ቁጥር አይቆረጥም። ዋጋው ከመርካቶው በካርቶን ሁለት መቶ ብር ያህል ይቀንሳል።

«እርስዎ በወር ስንት ካርቶን ይወስዳሉ?» አለው ዮፍታሔ።

«አራት» አለ ሸዋንግዛው።

ወጣቱ እንዳይስቅ ተጠንቅቆ፣ ብዙ ሆነው ቢመጡ ችግር እንደሌለው ነገረው። ጭነቱ አንድ ይሁን እንጂ ደረሰኙን በየስማቸው ሊቆርጥላቸው ይችላል። ሸዋንግዛው ከቃሊቲ ሲመለስ ታክሲ ውስጥ ሆኖ ነጋዴዎቹን በጣቱ ቆጠረ። ሁለት መቶ ካርቶን ለሰፈሩ ምንም አይደለም። ማን ምን ያህል እንደሚሸጥ ደግሞ ባይነግሩትም ዓይን አለው።

በየሱቁ ዞሮ ለመነ። መጀመሪያ በጥርጣሬ አዩት፤ ያ የግምቱ ጊዜ አልተረሳም። ግን ሚኒ ማርኬቱ የሁሉንም ደንበኛ ነው የወሰደው፣ በካርቶን ሁለት መቶ ብርም ቀላል አይደለም። እሑድ ከቅዳሴ መልስ አሥራ ሰባት ነጋዴዎች በእድሩ አዳራሽ ተሰበሰቡ። አዳራሹን ያስፈቀደው ሂርጳ ነው፤ ሰንጋ ተራ አፋፍ ላይ ሁለት በር ያለው ሱቅ አለው፤ አንደበቱ የተባረከ ስለሆነ በተሰበሰበበት ሁሉ ሰብሳቢ ይሆናል። ጸሐፊ ፋይዛ ሆነች። የፋይዛ ሱቅ ታክሲ መያዣው አጠገብ ነው፤ ሰው ሲወርድም ሲሳፈርም በእሷ በር ነው የሚያልፈው።

የደረሰኙ ነገር ትንሽ አከራከረ፤ ያለ ደረሰኝ ዘይት እንደሌለ ሲታወቅ ክርክሩ በራሱ ጊዜ ሞተ። በየወሩ አንድ ጭነት እንዲመጣም ተስማሙ። ከዚያ ሂርጳ ጉሮሮውን ጠራርጎ፣ ሁሉም በወር የሚሸጠውን ካርቶን ይናገርና ይደመር አለ።

ሰው ሁሉ የጎረቤቱን ጫማ ያይ ጀመር። አሥራ ሰባት ሰዎች ለዓመታት «ገበያ የለም» ሲባባሉ የኖሩት እርስ በርስ ነው፤ አሁን ያው ሰው ፊት ተቀምጦ ሃያ ካርቶን እሸጣለሁ ማለት ሱሪ አውልቆ የመቆም ያህል ነው። ሂርጳ ራሱ ሰብሳቢ ስለሆነ ጀመረ፤ አምስት አለ። ሁለት በር ያለው ሱቅ አምስት ከሸጠ አንድ በር ያለው ስንት ሊል ነው? ቀጣዩ አራት አለ፤ ከእሱ ቀጥሎ ያለው ሦስት ተኩል ብሎ ግማሿን ሳቅ ሲሉበት መልሶ ወሰዳት። ፋይዛ ዓይኗን ከስልኳ ሳታነሳ «የኔም አራት» አለች። ታክሲ መያዣው ሙሉ የሚገዛው ከእሷ ነው።

ሸዋንግዛው ተራው ሲደርስ አራት አለ። እሱ የተናገረው እውነቱን ነበር፤ በአዳራሹ ከተነገሩት ቁጥሮች ሁሉ እውነተኛዋ እሷ ብቻ ነበረች።

ፋይዛ በስልኳ ደመረችና ስልሳ ሰባት አለች። ሁለት መቶ ሊሞላ ቀርቶ ግማሽ መኪናም አይሆንም። ሁሉም ተከዘ። የሚያስቀው ነገር ትካዜያቸው የምር ነበር፤ እያንዳንዱ ሌሎቹ ይህን ያህል ሲዋሹ ማየቱ አሳዝኖታል። ለሸዋንግዛው ደግሞ ጭነቱ ካልሞላ ከፋሲካ በኋላ ሱቁ ውስጥ የሞባይል ከቨር ተሰቅሎ ይታየዋል።

ሂርጳ ተነሣ። ሰው እንዳይቀየም አድርጎ መናገር የሚችል ሰው ነው።

«እዚህ ማንም ውሸታም አልተባለም» አለ። «ሁላችንም የተናገርነው እውነት ነው። ግን በሦስት ይባዛ።»

አዳራሹ በእፎይታ ተነፈሰ። እንዲህ ያለ ፍትሐዊ ነገር ተሰምቶ አያውቅም። ማንም ምንም አላመነም፣ ማንም አልተጋለጠም። ነገ አንድ ሰው ይህን ያህል ዘይት ከየት አመጣህ ቢል፣ «ማኅበሩ ነው የጫነብኝ» ይባላል። ፋይዛ አባዛችው፤ ሁለት መቶ አንድ መጣ። አንዳንዶች አጨበጨቡ።

ሸዋንግዛው እጁን አወጣ። የእሱ አራት ግን አራት መሆኗን ተናገረ።

«የሁላችንም አራት ናት፣ ወንድሜ» አለው ሂርጳ በፍቅር።

ሳቁ ሲበርድ ሸዋንግዛው በሆዱ አሰላው። የእሱ አሥራ ሁለት ወደ አራት ከተመለሰ ስምንት ይጎድላል፤ ሁለት መቶ አንድ ላይ ስምንት ሲጎድል ጭነቱ አይሞላም። በእጁ ያዋለደውን ማኅበር በእጁ ሊገድለው ነው። ደግሞስ ማን ያምነዋል? እውነቱን ነው የነገርኳችሁ የሚለውን ቃል ሂርጳ አሁን ለሁሉም ብሎላቸዋል። እጁን አወረደ።

የአሥራ ሁለት ካርቶን ገንዘብ እሱ ጋ የለም። ያለው የወለተሰንበት እቁብ ነው፤ ባለፈው ወር ደርሷት ለቤቱ ጣሪያ ያስቀመጠችው። አሥራ ሁለት የሆነበትን ምክንያት ሲነግራት ሁለት ጊዜ አስደገመችው።

«አንተ ብቻ እውነት ተናገርክና አንተ ብቻ ተቀጣህ?»

አዎ አለ። ተነስታ የባንክ ደብተሯን አወጣች፤ ይህን ያህል ሞኝ ሰው ብቻውን ባንክ መላክ አይገባም ብላም አብራው ሄደች።

ዘይቱ ሁዳዴ ሊገባ ሲል መጣ። አይሱዙው በየሱቁ በር እየቆመ አራገፈ። ሁሉም የየራሱን አሥራ ሁለትና አሥራ አምስት ሲረከብ ፊቱን ቅጭም አድርጎ «ይኼን ሁሉ ጭነውብኝ!» ይላል፤ ካርቶኖቹ ግን ደጅ ላይ ደቂቃ አልቆዩም። ሸዋንግዛው ጋ ሲደርስ ሱቋ ሞላች። ካርቶኖቹ ባንኮኒውን አልፈው፣ ወንበሩ ያለበትን ቦታ ወስደው፣ እሱ ካርቶን ላይ ካርቶን ተደግፎ ተቀመጠ። የወለተሰንበት ጣሪያ ላይ መቀመጡን ስለሚያውቅ አቀማመጡ አልተመቸውም።

ዋጋው ሲቀንስ አንዳንድ ደንበኛ ተመለሰለት። ቢሆንም የእሱ ሱቅ የእሱ ሱቅ ናት፤ በሁለት ሳምንት ሁለት ካርቶን ሸጠ። ይህ ለእሱ ደህና ገበያ ነው፤ ማንም አልጠየቀውም እንጂ ቢጠይቁት እንደዚያው ይላቸው ነበር። ማታ ማታ ከአሥሩ ካርቶን ለፋሲካ ስንት እንደሚተርፍ እያሰላ እንቅልፍ አጣ። ወለተሰንበት ስለ ጣሪያው አንድ ቀን እንኳ ቃል አልወጣትም። ቢወጣት ይሻለው ነበር።

በሰፈሩ ማንም ያላሰላው ነገር ግን ነበር። ዘንድሮ ሁዳዴና ረመዳን አንድ ሳምንት ውስጥ ነው የገቡት። ክርስቲያኑ ሽሮውንና ምስሩን በዘይት ይሠራል፤ ሙስሊሙ ለማፍጠሪያው ሳምቡሳ ይጠብሳል። ሁሉም ሱቅ በአንድ ጊዜ ይራቆት ጀመር። የሌሎቹ በሦስት ተባዝቶም አልበቃም፤ ምክንያቱም ውሸታቸው በሦስት የሚሸነፍ አልነበረም። በአምስትም በስድስትም የሚባዛ ነበረበት። መርካቶ ደግሞ ዘይት ሲፈለግ ምን እንደሚያደርግ የታወቀ ነው፤ ዋጋው ዘለለ። የሚቀጥለው ጭነት እስኪሰበሰብ፣ እስኪከፈልና ወረፋው እስኪደርስ ሦስት ሳምንት ይፈጃል።

መጀመሪያ የመጣችው ፋይዛ ናት። ቀትር ላይ፣ መንገዱ ጭር ሲል፣ ባጃጅ ጥጉ ላይ አስቁማ ገባች። ለአክስቷ ልጅ ሠርግ ዘይት አስፈልጓት ነበር አለች።

«በረመዳን ሠርግ?» አለ ሸዋንግዛው፤ ማወቅ ፈልጎ እንጂ ሊያጋልጣት አልነበረም።

ፋይዛ ካርቶኖቹን አየች። «ጋሽ ሸዋንግዛው፣ ሦስት ይስጡኝ። ለሰው ግን እንዳይነግሩብኝ።»

ሊሰጣት ሲል ቆም አለ። መርካቶ ካርቶኑ ላይ ሦስት መቶ ብር እንደጨመረ ያውቃል፤ እሷም ትከፍላለች፣ ዓይኗ ይናገራል። እነዚህ ሰዎች እንዴት እንደሳቁበት ትዝ አለው፤ ተናዶ ነበር፣ በደንብ ተናዶ ነበር። ሦስት መቶውን ሊጠራ አፉን ከፈተ። የገዛበትን ዋጋ ተናገረና ለድካሙ ሃምሳ ብር አለ። አፉ እንደ ልማዱ ከዳው።

ሂርጳ በማግስቱ መጣ። ለአማቱ ቤት ለተዝካር ነው አለ። የማን ተዝካር እንደሆነ ግን ሸዋንግዛው ሳይጠይቀው ሁለት የተለያየ ሰው ጠራ። አራት ካርቶን ወሰደ፤ ማዳበሪያ አልብሶ አሸክሞ ወጣ። ሲወጣ «አደራህን፣ እዚህ መምጣቴን» አለው። ከዚያ ሌላ የማኅበሩ ነጋዴ ሁለት ወሰደ፣ ለታመመች እህቱ። ታማሚ ሁለት ካርቶን ዘይት ምን እንደምታደርግበት አልተብራራም። እያንዳንዱ ወደዚህ ሱቅ የመጣው እሱ ብቻ እንደሆነ አምኗል። ሸዋንግዛውም ለአንዱ ስለ ሌላው አልነገረም፤ አልጠየቁትም። ቢጠይቁት ይናገር ነበርና አለመጠየቃቸው ጠቀማቸው።

የቀረችውን አንድ ካርቶን ለራሱ ደንበኞች አስቀመጠ። የወለተሰንበት ገንዘብ ሙሉ በሙሉ ተመለሰ፤ በላዩም ትንሽ ነገር ነበረበት። ብሩን ስትቀበለው ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቀች። የከቨሩን ልጅ ሌላ ሱቅ እንዲፈልግ እነግረዋለሁ፤ ግን የሚቀጥለው ወር እንዲህ እንደማይሆን እወቅ አለችው። አሥራ ሁለት ካርቶን ዳግመኛ ቢመጣ ረመዳን አብሮ አይመጣም። የመጀመሪያው የእግዜር ሥራ ነው፣ ሁለተኛው ያንተ ይሆናል አለች።

ሁለተኛው ስብሰባ እዚያው አዳራሽ ነው። ሸዋንግዛው ሲገባ ያልጠበቀው ነገር ሆነ፤ ሰዎቹ ቦታ ለቀቁለት። የአየሩን ሁኔታ ያነሣ የለም። ሂርጳ ከመድረኩ ላይ ሆኖ በጣቱ አመለከተው።

«ይኼን ሰው ተመልከቱ» አለ። «ባለፈው አራት ነው የምሸጠው ብሎ እዚህ ቆሞ ተከራከረን። አሥራ ሁለቱን ከሁላችን ቀድሞ ጨርሶታል። ትናንት በበሩ ሳልፍ ሱቁ ባዶ ነው።»

አዳራሹ በሳቅ ፈነዳ። የሚያሳፍር ሳቅ አልነበረም፤ ጀርባውን የሚመታው፣ «አንተ ዝምተኛ!» የሚለው በዛ። ለዓመታት ሲሸሹት የኖሩ ሰዎች እሱም እንደ እነሱ መሆኑን አወቁና ወደዱት። «የእሱ በአምስት ይባዛ!» ሲል አንዱ ከኋላ ጮኸ፤ በጭብጨባ ጸደቀ።

ሸዋንግዛው ተነሣ። «አራቷ እውነት ነበረች» አለ። «ዘይቱን የገዙኝ እዚህ ያላችሁ ናችሁ።»

ከፊት ያሉት እንባቸው እስኪፈስ ሳቁ። ሸዋንግዛው ዞሮ አየ። ፋይዛ ስልኳን እያየች ነበር፤ ስልኩ ግን ዝግ ነበር። ሂርጳ ከሁሉም በላይ ጮክ ብሎ ይስቅ ነበር፤ ዓይኑ ግን አይስቅም፣ ይለምናል። የታመመችው እህት ወንድም ጫማውን ያስራል። አንድ ስም ቢጠራ ይበቃዋል። ስሙ ከተጠራው ሰው ጋር ግን ማኅበሩም ሊበተን ይችላል፤ ከማኅበሩም ጋር ሱቁ። አንድ ሰው እንኳ ቀና ብሎ «እውነቱን ነው» ይለዋል ብሎ ጠበቀ። ማንም ቀና አላለም። ያን ጊዜ ያዘነውን ያህል ግምቱ የተሠራ ቀን እንኳ አላዘነም።

ከዚያ ሂርጳ እንደ ቸኮለ ሰው፣ ለዚህኛው ወር የሚወስደውን እንዲናገር ጠየቀው።

ፋሲካ አለ፤ ለበዓሉ ደንበኞቹ ይጨምራሉ። አራት አይበቃውም፣ አምስት ይበቃዋል። አምስት በአምስት ሲባዛ ሃያ አምስት ነው። አምስት ለማግኘት ምን ማለት እንዳለበት ለማስላት የፋይዛ ስልክ አላስፈለገውም።

«አንድ» አለ ሸዋንግዛው።

ማንም አልሳቀም። ሂርጳ ራሱን ነቀነቀ፣ ፋይዛ ጻፈች፣ ወደ ቀጣዩ ታለፈ። በሕይወቱ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳይጠራጠሩ አመኑት። ወንበሩ ላይ ሲቀመጥ ጎረቤቱ ተጠጋለትና የሚተክዝ ድምፅ አውጥቶ፣ ገበያ እንዴት ነው አለው።

ሸዋንግዛው እንደ ወትሮው ቆም ብሎ አሰበ። ሱቁ ተርፋለች፣ ሚስቱ ስቃለች፣ የሄዱ ደንበኞች ተመልሰዋል። ፋይዛ የጻፈቻት አንድ ትዝ አለችው።

«ምን ገበያ አለ ብለህ ነው» አለ።